ዝም ያለ ደንበኛ መልስ አግኝቷል ማለት ነው? የቻትቦትን ውጤት በሦስት ቁጥሮች የመለካት መመሪያ

ቻትቦት ሥራ ከጀመረ በኋላ ከአለቃ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ታዲያ እየሠራ ነው?» መልሱ ብዙ ጊዜ በሦስት ቁጥሮች ይቀርባል። ስንቱ ጉዳይ በቦቱ አለቀ? ስንቱ ወደ ሰው ተላለፈ? ደንበኞች ስንት ኮከብ ሰጡ? ሦስቱም ይጠቅማሉ፤ ሦስቱም ያሳስታሉ። በጣም የሚያሳስተው ግን የመጀመሪያው ነው። ብዙ ሲስተም ደንበኛው ዝም ካለ ጉዳዩ እንደተፈታ ይቆጥራልና።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ደሴ ላይ ያለ የአውቶቡስ ትኬት ቢሮ በቴሌግራም ቦት ከፈተ እንበል። ቦቱ የመነሻ ሰዓትና ዋጋ ይነግራል፣ ወንበር ይይዛል፣ ቀን መቀየርና ገንዘብ መመለስ ሲመጣ ለሠራተኛ ያስተላልፋል። መስመሮቹ ወደ አዲስ አበባ፣ ወልድያ፣ ላሊበላና ከሚሴ ናቸው። ቢሮውም ቁጥሮቹም ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው። ችግሮቹ ግን ሕዝብ የሚያገለግል ቦት ያለው ሁሉ የሚገጥሙት ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ምን እንደምትቆጥር ወስን

ከመቶኛ በፊት የሚካፈልበት ቁጥር ይቀድማል። ቴሌግራም ላይ ንግግር አይዘጋም። ደንበኛው ዛሬ ጽፎ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ንግግር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ራስህ መወሰን አለብህ።

የተለመደው አሠራር ግማሽ ሰዓት ዝም ከተባለ ንግግሩ አለቀ ማለት ነው። ለእኛ አገር ይህ አጭር ነው። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ደንበኛው «ከባለቤቴ ጋር ልማከር» ብሎ ማታ ይመለሳል። በግማሽ ሰዓት ከቆረጥከው አንዱ ጉዳይ ሁለት ወይም ሦስት ንግግር ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹም «በዝምታ የተፈቱ» ተብለው ይቆጠራሉ። ስድስት ሰዓት ብታደርገው ይሻላል። የመረጥከውን ጻፈው፤ ከዚያ በየወሩ አትቀያይረው።

ቀጥሎ ጥያቄ ያልያዙትን አውጣ። `/start` ነክቶ የወጣ፣ «ሰላም» ብሎ የቀረ፣ ስቲከር የላከ፣ እነዚህ ቦቱ ሊፈታው የሚችል ጉዳይ አላመጡም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰላምታ አቅርቦ መልስ ስላልመጣለት የሄደ ሰው ጉዳይ ነበረው። እሱን አታውጣው። ቦቱ ሰላምታውን መልሶ ደንበኛው ዝም ካለ ብቻ አውጣ።

በምሳሌያችን በአንድ ሳምንት 1,200 ንግግር ተከፈተ። 200ዎቹ ጥያቄ አልነበራቸውም። ከዚህ በኋላ የምንካፈለው ለ1,000 ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የተፈታውን ካልተላለፈው ለይ

የቢሮው ዳሽቦርድ «የመፍትሔ ምጣኔ 82 በመቶ» ይላል። ከየት መጣ? ከ1,000ው ንግግር 180ው ወደ ሰው ተላልፏል። የቀረው 820 ነው። ዳሽቦርዱ የቀረውን በሙሉ ተፈታ አለው። ይህ ቁጥር የሚነግርህ ግን ስንቱ ወደ ሰው እንዳልደረሰ ብቻ ነው። ወደ ሰው ያልደረሰ ሰው ጉዳዩ ተፈጽሞለት ሊሆን ይችላል። ተስፋ ቆርጦም ሊሆን ይችላል።

አንድ ንግግር በቅርብ እንይ። አንድ አባት ማታ ላይ ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ይጠይቃሉ። ቦቱ ከሰንጠረዡ 05:00 የሚለውን አውጥቶ ይልክላቸዋል። ሰንጠረዡን የሞላው ባለሙያ ያሰበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለቱ ነው። እሳቸው ያነበቡት አምስት ሰዓት ብለው ነው፤ ረፋድ ላይ። ወንበር ያዙ፣ ከፈሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጻፉ፣ አምስት ኮከብም ሰጡ። በማግስቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣቸውን ይዘው መናኸሪያ ደረሱ። መኪናው ከሄደ ከአምስት ሰዓት በላይ ሆኖታል።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትኬታቸውን አይታ፦

«አባቴ፣ ይሄኮ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የወጣው።»

«ልጄ፣ አምስት ሰዓት ነው የተባልኩት። ይኸው ስልኬ ላይ አለ።»

«አብሽሩ አባቴ፣ ለነገው ላዛውርልዎት።»

አዛወረችላቸው፤ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። አሁን ወደ ቁጥሮቹ ተመለስ። ሎጉ ላይ ይህ ንግግር ተፈቷል። ወደ ሰው አልተላለፈም። ኮከቡ አምስት ነው። ሦስቱም መለኪያ ምስጋና ብቻ ያሳያሉ፤ ሰውየው ግን አንድ ቀን ጠፍቶባቸዋል። ይህን ስህተት የያዘው ብቸኛ ሰው መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ናት። እሷ ደግሞ የምትጽፍበት ቦታ የላትም።

ስለዚህ ንግግሩ የተፈታ ለመባል ሦስት ነገር ይሟላ። አንደኛ፣ ወደ ሰው አልተላለፈም። ሁለተኛ፣ ውጤት አለው፤ ማለትም ትኬቱ ተቆርጧል፣ ወይም ደንበኛው «ጉዳይዎ አለቀ?» ሲባል «አዎ» ብሏል፣ ወይም ሰው ንግግሩን አንብቦ መልሱ ልክ መሆኑን አረጋግጧል። ሦስተኛ፣ ደንበኛው በ72 ሰዓት ውስጥ ለዚያው ጉዳይ አልተመለሰም። በቦቱም፣ በስልክም፣ በመስኮትም።

«እሺ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «በቃ ይቅር» የሚሉትን እንደ ውጤት አትቁጠር። ሰው በጨዋነት ተሰናብቶ ወደ መናኸሪያው በእግሩ ይሄዳል።

72 ሰዓት የተመረጠው ለጉዞ ስለሚስማማ ነው። ሰው ዛሬ ጠይቆ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይሄዳል፤ ስህተቱ በዚያ መሀል ይወጣል። የብድር ክፍያ የሚያስታውስ ቦት ቢሆን ሠላሳ ቀን ያስፈልግ ነበር። የምትመርጠው የጊዜ ገደብ ስህተቱ እስኪታይ የሚወስደውን ጊዜ መሸፈን አለበት።

ከባዱ ሥራ የተመለሰውን ሰው ማወቅ ነው። በቦቱ ከተመለሰ የቴሌግራም መለያ ቁጥሩ አንድ ነው፤ ቀላል ነው። በስልክ ሲደውል ግን ቦቱ ስልክ ቁጥሩን አያውቅም፤ ደንበኛው ራሱ ካላጋራ በቀር። ደግሞ ደሴ ያለው ልጅ በቦቱ ይይዝና ከገጠር የምትደውለው እናቱ ትሆናለች። ስለዚህ ሰውየውን ከማሳደድ የትኬቱን ቁጥር፣ ትኬት ከሌለም መስመሩንና የጉዞውን ቀን አያይዝ። ለመስኮትና ለስልክ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ወረቀት ስጣቸው። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀኑ፣ ትኬት ቁጥሩ ወይም መስመሩ፣ እና «ቦቱ ምን ብሏቸው ነበር?» ማታ ማታ አንድ ሰው ወደ ኮምፒውተር ይገልብጠው። ወረቀቱ ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር በላይ ያሳይሃል፤ የሰዓቱን ስህተት የምታገኘው ከእሱ ነውና።

አሁን 820ውን እንበትነው። 320ው ግልጽ ውጤት አላቸው። ከእነሱ 20ው በ72 ሰዓት ውስጥ ተመልሰዋል፤ 300 ቀረ። 500ው ዝም ያሉ ናቸው። ከነሱ 110ሩ ተመልሰዋል፤ 390 ቀረ። ስለ 390ዎቹ ሎጉ ምንም አያውቅም። ያለው መንገድ ማንበብ ነው።

ከ390ው መካከል 100ውን በዕጣ አውጣና ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያንብቡ። አንዱ የግድ የቢሮውን ሥራ የሚያውቅ ይሁን። 05:00 የሚለውን መልስ ፕሮግራመሩ ቢያነብ «ልክ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ግን ወዲያው ትይዘዋለች። ለእያንዳንዱ ንግግር ከሦስት አንዱን ይስጡ፦ ልክ፣ ስህተት ወይም ጎዶሎ፣ አይታወቅም። ሲጨርሱ የተለያዩባቸውን ብቻ አብረው ይነጋገሩባቸው። ልዩነቱ ከአምስት አንድ በላይ ከሆነ ችግሩ «ልክ» ማለት ምን እንደሆነ አለመስማማት ነው። መጀመሪያ እሱን በጽሑፍ አስተካክሉ።

ውጤቱ 60 ልክ፣ 25 ስህተት፣ 15 አይታወቅም ሆነ እንበል። የ390 ስልሳ በመቶ 234 ነው። 300 ሲደመር 234፣ 534 ይሆናል። የመፍትሔ ምጣኔው 53 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 82 አይደለም።

ይህ ግምት መሆኑንም አትርሳ። የ100 ንግግር ናሙና 10 ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት ይችላል። በ390 ላይ ሲሰላ ወደ 39 ንግግር ነው፤ ከጠቅላላው 4 ነጥብ አካባቢ። ስለዚህ «ከ49 እስከ 57» ብለህ አቅርብ። በሚቀጥለው ሳምንት 55 ቢመጣ «ሁለት ነጥብ አደግን» ብለህ አትደሰት፤ ምንም አልተለወጠም ሊሆን ይችላል። 15ቱን «አይታወቅም» ደግሞ ወደ ልክ አታስገባ። ለብቻቸው ይቀመጡ።

በየጉዳዩ ለይቶ ለማየት ይህን የመሰለ ጥያቄ ይበቃል፦

```sql
SELECT topic,
       COUNT(*) AS n,
       SUM(handed_off) AS to_human,
       SUM(CASE WHEN handed_off = 0
                 AND came_back_72h = 0
                 AND outcome = 'done'
           THEN 1 ELSE 0 END) AS confirmed
FROM sessions
WHERE real_request = 1
GROUP BY topic;
```

ይህ የሚሰጥህ የተረጋገጡትን 300 ብቻ ነው። ዝም ያሉትን ሰው ካነበበ በኋላ ትጨምራለህ። ደግሞ የዛሬ ንግግሮችን ዛሬ አትለካ፤ 72 ሰዓቱ ገና አልሞላም። ሰኞ ጠዋት ሪፖርት የምታወጣ ከሆነ እስከ ሐሙስ ያሉትን ብቻ ውሰድ። ካልሆነ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁልጊዜ ካሉበት በላይ ያማሩ ይመስላሉ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ወደ ሰው የተላለፈውን በምክንያት ክፈል

18 በመቶ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ብቻውን መልስ የለውም። ከ180ው 70ው ገንዘብ መመለስና ቀን መቀየር ናቸው። እነዚህን ቢሮው ራሱ ሰው ይያቸው ብሎ የወሰነባቸው ናቸው፤ ቦቱ አስተላለፈ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። 60ው ቦቱ ሁለት ጊዜ «አልገባኝም» ብሎ ያስተላለፋቸው ናቸው። 50ው ደግሞ ደንበኛው ራሱ «ሰው አነጋግረኝ» ያለባቸው ናቸው። የቦቱ ድክመት የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። የመጀመሪያውን ለመቀነስ መሞከር ጉዳት ነው።

ቦቱ ያልገባውን 60 ስታነብ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተደጋጋሚ ሆኖ ታገኘዋለህ። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ አለ፤ `dese addis waga sint new` ብሎ። ከሚሴ መስመር ላይ በኦሮምኛ የሚጠይቅ አለ። የድምፅ መልእክት የሚልክም አለ። ሦስቱ መፍትሔያቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ማስተላለፊያው ላይ የምክንያት ምልክት አስቀምጥ፤ ሠራተኛዋ ንግግሩን ስትዘጋ ከአራት አምስት ምርጫ አንዱን ትንካ። ረጅም ዝርዝር ከሰጠሃት ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ትነካለች።

የዚህ ቁጥር ትልቁ ወጥመድ ሲጫኑት ዝቅ ማለቱ ነው። አንድ ሰው «ማስተላለፉን በግማሽ ቀንሱ» የሚል ትእዛዝ ቢሰጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጸማል። «ሰው አነጋግረኝ» የሚለውን ቁልፍ ከሁለት ሜኑ ጀርባ መደበቅ ነው። 18ቱ 9 ይሆናል። ዳሽቦርዱ ላይ መፍትሔውም ከ82 ወደ 91 ይዘላል። ደንበኛው ግን እርዳታ አላገኘም። እንዴት ታውቃለህ? በ72 ሰዓት የተመለሱት ከ130 ይጨምራሉ፤ የመስኮቱ ወረቀት ይሞላል፤ የቢሮው ስልክ ያለ እረፍት ይጮሃል። ማስተላለፍ ቀንሶ እነዚህ ካልቀነሱ፣ ሥራው ከቦቱ ወደ መስኮቱ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም።

ሁለተኛው ወጥመድ ተላልፎ ያልደረሰው ነው። ቢሮው ማታ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቦቱ ግን ሌሊት 5 ሰዓት ላይም «ለሠራተኛ አስተላልፌዎታለሁ» ይላል። ደንበኛው እስኪነጋ ይጠብቃል፣ ወይም ትቶ ሌላ መኪና ይፈልጋል። በምሳሌያችን ከ180ው 45ቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሰው መልስ አላገኙም። ሩብ ማለት ነው። ስለዚህ የተላለፈውን ብቻ ሳይሆን ሰው ያነሳውንም ቁጠር፤ ከተላለፈ እስከ መጀመሪያው የሰው መልስ የፈጀውን ደቂቃም መዝግብ። እዚህ ላይ አማካይ አትጠቀም። ጥቂት ሌሊቱን ያደሩ ንግግሮች አማካዩን ከልክ በላይ ያራዝሙታል። ሰዎቹን በጠበቁት ጊዜ ደርድርና ከመቶው መካከለኛውን፣ ማለትም ሃምሳኛውን፣ እና ዘጠናኛውን ውሰድ። ማታ ደግሞ ቦቱ እውነቱን ይናገር፦ ቢሮው ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ያኔ ማን እንደሚደውልላቸው።

አራተኛ ደረጃ፦ ኮከቡን ማን እንደሰጠው ጠይቅ

ቢሮው አማካዩ 4.5 ነው ብሎ ደስ ብሎታል። ከ1,000 ሰው የመለሰው 110 ነው። ሁሉም ትኬት ቆርጠው የጨረሱ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የኮከብ ጥያቄው የሚመጣው ክፍያ ሲጠናቀቅ ብቻ ነው። ያልተሳካለት ሰው ጥያቄውን አይቶትም አያውቅም። ስለዚህ 4.5 የሚነግርህ ትኬት ማግኘት ሰውን እንደሚያስደስት ነው። እሱን ድሮም እናውቃለን።

መፍትሔው ጥያቄውን በሁሉም መውጫ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ንግግሩ ለስድስት ሰዓት ዝም ባለበትም ጭምር። ከአማካዩ ጎን ሁልጊዜ ስንት ሰው እንደመለሰ ጻፍ። ደግሞ ትኬት የቆረጡትን፣ መረጃ ብቻ የጠየቁትንና ወደ ሰው የተላለፉትን ለያይ። የተላለፈ ሰው የሚሰጠው ኮከብ ለቦቱ ሳይሆን ለሠራተኛዋ ነው። ገንዘብ አይመለስም የተባለ ሰው አንድ ኮከብ ቢሰጥ ደግሞ የተናደደው በቢሮው ደንብ ነው፤ ቦቱ ደንቡን በትክክል ነግሮት ሊሆን ይችላል።

እኔ ብሆን ኮከቡን ትቼ በሁለት ቁልፍ እጠይቅ ነበር፦ «ጉዳይዎ አለቀ?» አዎ፣ አላለቀም። ኮከብ ስሜት ይጠይቃል፤ ወሎ ላይ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት መንቀፍ አይወድም፣ ለማሽንም ቢሆን ይራራለታል። ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ ግን እውነቱን ለመናገር ይቀለዋል። ቁጥር የግድ ከሆነ 5 በጣም ጥሩ፣ 1 በጣም መጥፎ መሆኑን ቁልፉ ላይ ጻፈው። 1ን አንደኛ ብሎ የሚያነብ አይጠፋም።

ጊዜውም ይወስናል። የመናኸሪያውን አባት አስታውስ፤ አምስት ኮከብ የሰጡት መኪናው ሳያመልጣቸው ነው። የመረጃ ጥያቄ ከሆነ ጥያቄውን ከጉዞው ቀን በኋላ ላክ። የሚመልሰው ሰው ያንሳል። የሚመልሰው ግን የሆነውን ያውቃል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሦስቱን በአንድ ንግግር ላይ አጋጥማቸው

ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ ከማቅረብ የሚጋጩበትን ፈልግ። ሦስት ክምር ይበቃል። አንደኛው፣ ተፈታ የተባለና «አላለቀም» ያለ። እዚያ የቦቱ የተሳሳተ መልስ አለ። ሁለተኛው፣ አምስት ኮከብ ሰጥቶ በ72 ሰዓት የተመለሰ። የሰዓቱ ስህተት የተደበቀው እዚያ ነው። ሦስተኛው፣ ወደ ሰው ተላልፎ ሠራተኛዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የዘጋችው። እሱን ቦቱ ሊመልሰው ይችል ነበር። በሳምንት ከየክምሩ አሥር አሥር ማንበብ ከማንኛውም ግራፍ በላይ የሚስተካከለውን ያሳያል። በምሳሌያችን ማስተካከያው ቀላል ነበር፤ ሰንጠረዡ ውስጥ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ብሎ መጻፍ፣ ትኬቱ ላይም እንዲሁ።

ሳምንትን ከሳምንት ስታወዳድር የመጡት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጥ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ነው። በዚያ ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣው ተጓዥ ስለ መኪናው ብቻ አይጠይቅም፤ ከደሴ እንዴት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚያድር፣ መመለሻ ስለመኖሩ ይጠይቃል። ለላሊበላ ገናም እንደዚሁ ነው፤ በመውሊድም ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጓዘው ብዙ ነው። ቦቱ ያልተማረው ጥያቄ ሲበዛ መፍትሔው ይወርዳል፣ ማስተላለፉ ይወጣል፤ ቦቱ ግን ካለፈው ሳምንት የባሰ አልሆነም። ስለዚህ ጠቅላላውን ትተህ ዋጋን ከዋጋ፣ ወንበር መያዝን ከወንበር መያዝ ጋር አወዳድር። የበዓሉን ሳምንት ደግሞ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያየው፤ የመውሊድን ቀን ግን በየዓመቱ ስለሚዛወር ቀኑን ፈልገህ አጋጥም። በነዚያ ቀናት ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ለብቻ አስቀምጣቸው። ለሚቀጥለው ዓመት መስከረም ቦቱ ውስጥ የሚገባው መልስ የሚዘጋጀው ከእነሱ ነው።